የላይሰንሰር ሁለተኛ ዙር ዝግጅት (ነርሲንግ) - የ8 ሳምንት ፕላን

ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ ሁለት ሳምንት አልቅሻለሁ፣ አሁን በቃ ወደ ስራ። ቤቲ አንቺም ስለምትፈተኚ ኮፒ ያዢ፣ ያልተስማማሽ ነገር ካለ እሁድ ስንገናኝ ንገሪኝ።

የት እንደወደቅኩ ለማወቅ 3 ሞዴል ሰዓት ይዤ ሰራሁና ከ300 ጥያቄ 128 ሳትኩ። ሜዲካል ሰርጂካል 38፣ ማተርኒቲ 34፣ ፔዲያትሪክስ 29፣ የቀረው 27 ከኮሚዩኒቲ ከሪሰርችና ከሊደርሺፕ ነው። ያስደነገጠኝ ግን ምክንያቱ ነው፣ በትክክል የማላውቀው 51 ብቻ ነው!! 46ቱን እያወቅኩት ጥያቄውን ሳልጨርስ ነው የመለስኩት፣ "መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ" ሲለኝ እኔ መድኃኒቱን እመርጣለሁ፣ የታካሚውን የአየር መተላለፊያ ሳላይ። 31ዱን ደግሞ ትክክል መልሼ ቀይሬዋለሁ። ስለዚህ እንዳለፈው ሀንድአውት ከገጽ 1 ጀምሮ መሸምደድ የለም።

ሰዓቴ፦ ጠዋት ከ11 እስከ 2 አዲስ ነገር (ከ2 በኋላ የእህቴ ሱቅ ነኝ)፣ ማታ ከ1 እስከ 3 ጥያቄ ብቻ። መብራት ከጠፋ ማታ የስህተት ደብተሬን በስልክ መብራት አነባለሁ እንጂ አልተኛም።

ሳምንት 1-3 ሜዲካል ሰርጂካል። ፍሉይድ ስሌት በየቀኑ 5 ጥያቄ በእጅ፣ 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት በ20 ጠብታ የአይቪ ሴት ሲሆን 1000 × 20 ÷ 480 = 41.7፣ 42 ጠብታ በደቂቃ። ቃጠሎ ላይ የመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት የሚቆጠሩት ከተቃጠለበት ሰዓት ነው እንጂ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም፣ ይቺን ሁለቴ ስቻታለሁ።

ሳምንት 4-5 ማተርኒቲ። ፕሪኤክላምፕሲያና ድህረ ወሊድ መድማት ላይ ነው ብዙ የምቆየው። ማግኒዚየም ሰልፌት ከመድገሜ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ትንፋሽና ሽንት፣ መርዛማነት ከታየ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ይሄን ተኝቼም ማለት አለብኝ፣ ነገ የእናት ህይወት ነውና።

ሳምንት 6 ፔዲያትሪክስ። ፈጣን ትንፋሽ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40። የክትባት ሰሌዳውን እኔ እየጻፍኩ ቤቲ ትጠይቀኛለሽ (ፔንታ በ6፣ 10፣ 14 ሳምንት ብዬ እንዳልቆም፣ ሌላውንም ጎን ለጎን)።

ሳምንት 7 የቀረው፣ ሁለት ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ሳምንት 8 በአንድ ቀን ልዩነት 3 አዲስ ሞዴል። ህጉ፦ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ሁለቴ አነባለሁ፣ "መጀመሪያ" ወይም "ከሚከተሉት ውጪ" የሚለውን አሰምርበታለሁ፣ መልስ የምቀይረው ያላየሁት ቃል ካገኘሁ ብቻ ነው። የቀየርኩትን ሁሉ በደብተር እቆጥራለሁ፣ 31 የነበረው ከ8 ካልወረደ ቅዳሜና እሁድንም ለሱ እሰጣለሁ።

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘጋል፣ መታወቂያና አድሚሽን ቦርሳ ውስጥ፣ ማታ 3 ሰዓት እተኛለሁ። ቤቲ አንቺም ደውለሽ እንዳታስነሺኝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ተራው ጋ እንገናኝ።