ጥያቄ 14፦ አሠሪው ከልክለው ሳለ ለምን ይከፍላሉ?

ሄለን፣ 14ኛው ጥያቄ ላይ «ሀ»ን ነው ያከበብሽው፤ መልሱ «ሐ»፣ ማለትም «ሁለቱም» የሚለው ነው። ከጎኑ በእርሳስ የጻፍሽውን አየሁት፦ «አሠሪው ጥፋት የለበትም፣ እንዲያውም ከልክሎታል»። ምክንያትሽን መጻፍሽ በጀ፣ የት ላይ እንደሳትሽ ወዲያው ታየኝ።

ነገሩን እንደገና እንየው። አቶ ግርማ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ አላቸው። ቶላ በወር ደሞዝ የተቀጠረ በያጅ ነው። «ውጭ አስፋልት ዳር እንዳትበይድ» ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀውታል። አንድ ቀን ግን ደንበኛ ያጣድፋል፣ ቤቱም ይጠባል፣ ቶላ በሩን ጎትቶ ያወጣና ምንም ሳይከልል መበየድ ይጀምራል። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ። ፍንጣሪው የቆመ ባጃጅ ሸራ ላይ ያርፋል፣ ሸራው ይነዳል፣ ሹፌሩም ላጥፋ ሲል እጁ ይቃጠላል። ካሳውን ማን ይክፈል?

አንቺ «ቶላ ብቻ» አልሽ። የመጀመሪያው ስህተትሽ ከአቶ ግርማ ጥፋት መፈለግሽ ነው። ስለ ቶላ ከሆነ ልክ ነሽ፣ እሱ የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ነው፣ ሳይከልል መንገድ ዳር መበየድ ደግሞ ግልጽ ቸልተኝነት ነው። አሠሪው የሚጠየቁት ግን ለሌላ ሰው ሥራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 የሚለው ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ተጠያቂ የሚያደርገውን ነገር ከፈጸመ አሠሪውም ይጠየቃል ነው። አሠሪው ጥንቁቅ ነበሩ ወይ፣ ሲቀጥሩት መርምረዋል ወይ፣ ቆመው ተቆጣጥረውታል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ «እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚለው መከራከሪያ ከባጃጁ ሹፌር ፊት አያድናቸውም። (ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን ኖሮ 2129ን ነበር የምትጠቅሺው፤ ውጤቱ ያው ነው፣ ፈተና ላይ ግን ቁጥሩን የሚያዩ መምህራን አሉ።)

ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የተሠራው በእሱ ላይ ነው። «ከከለከለው ከሥራው ውጭ ነው» ብለሽ አሰብሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ ምክንያቱም በተፈጥሮ እንደዚያ ነው የሚመስለው። 2131ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። መለኪያው ድርጊቱ የተፈጸመው ሥራውን ለማከናወን ነው ወይ የሚለው ነው። ቶላ ለምን ወጣ? የአቶ ግርማን በር፣ ለአቶ ግርማ ደንበኛ ለማድረስ። ሥራው ያው ብየዳ ነው፣ ያለቦታው ሠራው እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራም። ከዚያ አንቀጹ ራሱ ይቀጥላል፦ ሠራተኛው ያልተፈቀደለት ወይም የተከለከለ ነገር ማድረጉ ለውጥ አያመጣም፣ ተጎጂው ክልከላውን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ካልሆነ በቀር። የባጃጁ ሹፌር ከየት ያውቃል? ውስጥ ግድግዳ ላይ ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍ እንኳ እሱ መንገድ ዳር ቆሞ አያነበውም። ደግሞ አስቢው፣ መከልከል ብቻውን የሚያድን ቢሆን በአገሩ ያለ አሠሪ ሁሉ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር «አደጋ እንዳታደርስ» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ይገላገል ነበር።

ክልከላው ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። አቶ ግርማ ከከፈሉ በኋላ ዞረው ቶላን መጠየቅ ይችላሉ። ያ የሁለቱ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ሹፌሩ እስከዚያ አይጠብቅም።

«ለ»፣ ማለትም «አሠሪው ብቻ» የሚለው፣ ለምን እንዳልሆነም ልንገርሽ፣ ከ«ሀ» ሸሽተው እዚያ የገቡ አሉ። አሠሪው ስለተጠየቁ ቶላ ነጻ አይወጣም። ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ሹፌሩ ሙሉውን ካሳ ከፈለገው አንዱ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ በተግባር ደግሞ ገንዘብ ያለው ጋ ነው የሚሄደው። ብቻ ሁለት ጊዜ አይቀበልም። ክሱን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት።

አሁን ነገሩን ትንሽ ላዙረው። ቶላ በሥራ ሰዓት ወጥቶ በድሮ ብድር የተነሳ ሹፌሩን በፌሮ ቢመታው? ሰዓቱም ቦታውም የሥራ ስለሆነ መነሻው ግምት አሠሪውን ይይዛል፣ ግን ግምቱ የሚፈርስ ነው። አቶ ግርማ ጠቡ የግል እንደነበረ ካስረዱ ይወጣሉ፤ ብየዳውን ግን በምንም ምስክር የግል ጉዳይ ሊያደርጉት አይችሉም። የ«ሀ»ሽ መልስ ለዚህኛው ቢሆን ኖሮ አብሬሽ እከራከር ነበር።

18ኛውንም በዚሁ ተመልሰሽ እይው። እዚያ ያለው ኤሌክትሪሻን ደሞዝተኛ አይደለም፤ በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ሰዓት፣ ቁርጥ ዋጋ ተነጋግሮ ነው የመጣው፣ አሠራሩንም ማንም አያዘውም። ቁጥር 2134ን አውጪና ከ2130 ጎን አድርገሽ አንብቢው፣ ከዚያ መልስሽን ከነምክንያቱ ላኪልኝ።