የክፍል 12 የታኅሣሥ ወር የክፍያ ማስታወሻዎች

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ ጠዋት 3፡00

ጤና ይስጥልን። የክፍል 12 የታኅሣሥ ኪራይ ታኅሣሥ 5 ይከፈላል፤ 7 ቀን ቀርቶታል። ቀኑ እሑድ ስለሚውል በባንክ የሚልኩ ከሆነ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀትር ቢያደርሱት ይሻላል፤ ከሌላ ባንክ የሚመጣ ገንዘብ ቅዳሜና እሑድን ሳይገባ ሊቆይ ይችላል። በ«ምክንያት» ቦታ ላይ «ክ12 ታኅሣሥ» ብለው ይጻፉ። ይህ ከሌለ ገንዘቡ ቢገባም የማን እንደሆነ አይለይም፤ ማስታወሻውም አይቆምም።

እንደከፈሉ «ከፈልኩ ኪራይ» ብለው የደረሰኙን ቁጥር ያስከትሉ፤ ለምሳሌ፦ ከፈልኩ ኪራይ 40718። መግባቱን ስናይ «ተከፍሏል» እንልዎታለን፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ኪራይ አንጽፍም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ኪራዩ 3 ቀን ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት የሚተማመኑባቸው የባንክ ቀናት ዛሬና ነገ ብቻ ናቸው። ሙሉውን መክፈል ከከበደዎት ዛሬውኑ «በከፊል» ብለው አሁን የሚከፍሉትን መጠንና ቀሪውን የሚያሟሉበትን ቀን ይጻፉልን። ቀኑ ሳይደርስ ከነገሩን መነጋገር እንችላለን።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ፣ ጠዋት 3፡00

መክፈያው ቀን ዛሬ ነው። ትናንት የላኩት የዝውውሩ ፎቶ ደርሶናል፤ ነገር ግን «በሂደት ላይ» ይላል፣ የደረሰኝ ቁጥርም የለበትም። ስለዚህ «በማጣራት ላይ» ብለን መዝግበነዋል። እባክዎ ለጥንቃቄ ብለው ደግመው አይላኩ፤ ሁለት ጊዜ የገባ ገንዘብ ማስመለስ ብዙ ያመላልሳል።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡00

ኪራዩ 2 ቀን አልፎታል። የሰኞንም የዛሬንም የሂሳብ መግለጫ አይተናል፤ አልገባም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወይ ከሂሳብ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ተሳስቷል፣ ወይ የዕለቱ የማስተላለፊያ ጣሪያ አልፏል። ሂሳብዎን ይመልከቱ፦ ገንዘቡ ተመልሶ ከሆነ ዛሬ እንደገና ይላኩ፤ ተቀንሶ ከቀረ የዝውውር ቁጥሩን ይላኩልን፣ አብረን እንከታተለው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

4 ቀን አልፏል፣ ለማክሰኞው መልእክትም መልስ አላገኘንም። በውሉ የተሰጠው የ5 ቀን ዕፎይታ ነገ ያበቃል፤ ከታኅሣሥ 11 ጀምሮ በውሉ የሰፈረው መቀጫ ይታሰባል። ዛሬ ከቀኑ 10፡00 ላይ እንደውልልዎታለን፤ እባክዎ ስልክዎን ያንሱ። ከዚያ በፊት ከከፈሉ «ከፈልኩ ኪራይ» ይበቃል፣ አንደውልም።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ፣ ቀን 8፡20

ተከፍሏል። የታኅሣሥ ኪራይ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ መቀጫ የለብዎትም። እናመሰግናለን።

የመብራት ሂሳብዎ ታኅሣሥ 18 ይከፈላል፤ 8 ቀን አለዎት። የቆጣሪው ንባብ ከ4812 ወደ 4967 ደርሷል፣ ፍጆታው 155 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከቆጣሪው ጋር አስተያይተው ልዩነት ካገኙ እስከ ታኅሣሥ 13 ፎቶ ይላኩልን። ሲከፍሉ «ከፈልኩ መብራት» ይበሉ፤ «ከፈልኩ» ብቻ ከሆነ የትኛውን እንደምንዘጋ አናውቅም።