አንዲት ምልክት

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ማስተዋል ጋቢውን ተከናንቦ ኪራይ ክፍሉ ውስጥ ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። ከቤት ከተላከለት ስንቅ የቀረችው አንዲት ቁራሽ ዳቦ ናት።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ገበሬ 120 ሜትር ሽቦ አለው። ወንዝ ዳር ያለ ማሳውን በሬክታንግል ቅርጽ በሦስት ጎን ሊያጥር ነው። በወንዙ በኩል አጥር አያስፈልግም። ሊያጥር የሚችለው ትልቁ ስፋት ስንት ነው?

ከወንዙ የሚነሱትን ሁለቱን እኩል ጎኖች x፣ ስፋቱን A ብሎ ጻፈ።

`A = 120x − 2x²`

ዴሪቬቲቩን ወስዶ ከዜሮ ጋር አስተካከለ። `x = −30` መጣ። ይሄ አራተኛ ሙከራው ነው። የማሳ ጎን እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? አባቱ ማሳ በገመድ ሲለካ ስንቴ አይቷል!

"አልተኛህም እንዴ ልጄ?" አሉ አከራዩ ከግድግዳው ማዶ።

"አሁን እተኛለሁ፣ እትዬ።"

አልተኛም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ።

`120 + 4x = 0`

መደመር! መቀነስ ነበር መሆን ያለበት። አረመው። `x = 30`። ሌላኛው ጎን 60። ስፋቱ 1,800 ካሬ ሜትር።

"እሰይ!"

"ምን ሆንክ ልጄ?"

"ወጣልኝ፣ እትዬ! ወጣልኝ!"