ብቻዬን ለምሠራው የቆዳ ቦርሳ ሥራ፦ የዚህ ሳምንት የፖስት ካላንደር

ቆዳውን የምቆርጠው፣ የምሰፋው፣ ለደንበኛ መልስ የምሰጠው፣ ዕቃውን የማደርሰው እኔው ነኝ። ለፖስት የሚተርፈኝ በሳምንት 4 ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት በየቀኑ መለጠፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በሳምንት 3 ፖስት ብቻ። ተጨማሪ ከተገኘ እሰየው፣ ዕቅድ ውስጥ ግን አይገባም።

የሳምንቱ ርዕስ፦ ስፌት። ደንበኞች ደጋግመው "ማንገቻው አይበጠስም ወይ?" እያሉ ነው። ሦስቱም ፖስቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ።

ሰኞ (30 ደቂቃ)
ኢንቦክስና ኮሜንት ማንበብ። የተጠየቀውን በደብተር መጻፍ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ከዚያ ይወጣል። ላይክ አይቆጠርም። የሚመዘገበው ዋጋ የጠየቀና ያዘዘ ሰው ነው፣ የትኛውን ፖስት አይቶ እንደመጣ ጭምር። የቡናማውን ቦርሳ ባለቤትም ሥራው ሲቀረጽ ቅር ይላት እንደሆነ መጠየቅ።

ማክሰኞ (2 ሰዓት)
የቀረጻ ቀን። ለካሜራ ተብሎ የሚሠራ ቦርሳ የለም፤ የቡናማው ቦርሳ ማንገቻ የሚሰፋው ዛሬ ስለሆነ እሱ ይቀረጻል። ጠዋት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ስልኩ ቆሞ። የሚያስፈልጉት፦

- ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ፣ ከቅርብ።
- በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት መርፌዎች በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ሲያልፉ። ዋናው ይህ ነው፤ እጅ እንዳይጋርደው ከሁለት አቅጣጫ ይቀረጽ።
- በቁርጥራጭ ቆዳ ላይ አንድ ስፌት በምላጭ ተቆርጦ ቆዳው በኃይል ሲጎተት።
- ያለቀው ማንገቻ ፎቶ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ትከሻ ላይ።

ከሰዓት ኤዲት። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩ በጽሑፍ ይውጣ። መጀመሪያ የሚታየው የሚቆረጠው ክር ነው፤ አሰፋፉ ከዚያ ይከተላል። ጽሑፉ፦

"ይህን ክር ሆን ብዬ ቆረጥኩት። አሁን ልጎትተው። አልተፈታም! በየቀዳዳው ክር ሁለት ጊዜ ያልፋል። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።"

ስልኩ ሳይቀመጥ የዓርቡን ፖስት ቴሌግራም ላይ መጻፍ፣ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ ይዞ Schedule Message በሚለው ለዓርብ ማስያዝ።

ረቡዕ (30 ደቂቃ)
ከምሽቱ 1 ሰዓት ቪዲዮው ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ይወጣል። ከቲክቶክ አውርዶ ኢንስታግራም ላይ መጫን የለም፤ ምልክቱ አብሮ ይመጣል። ከስልኩ ዋናው ፋይል ለሁለቱም። የቀረው ሰዓት ለኮሜንት መልስ።

ሐሙስ
ዕቃ የማደርስበት ቀን ነው። ፖስት የለም። መንገድ ላይ የሚያምር ነገር ከተገኘ ስቶሪ፤ በ24 ሰዓት ስለሚጠፋ አያስጨንቅም።

ዓርብ (30 ደቂቃ)
የቴሌግራም ፖስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በራሱ ይሄዳል። ከሦስቱ የማንገቻ ፎቶዎች ጋር፦

"ቦርሳ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ነው፣ ልክ ነው። ከዚያ ግን ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ነው ወይስ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ሠርቷል? ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ክር አለ? በጣት ሳብ አድርጉት። ከእኔ ባትገዙም ይህን አረጋግጡ።"

ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ማታ።

ቅዳሜ (30 ደቂቃ)
የሽያጭ ፖስት፣ ሁሉም ቦታ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ስፌት የሰማ ሰው ዛሬ ይግዛ፦

"ይህ ቡናማ ቦርሳ ባለቤት አለው። ተመሳሳዩን ለ4 ሰው እሠራለሁ፣ በቡናማና በጥቁር። በ3 ሳምንት ይደርሳል። ዋጋው መጨረሻው ፎቶ ላይ አለ። የምትፈልጉትን ቀለምና የማንገቻ ርዝመት ጻፉልኝ።"

ዋጋ "በኢንቦክስ" አይባልም። ለመግዛት የመጣን ሰው ማንከራተት ነው።

እሑድ
ስልክ ዝግ።

ትዕዛዝ ከበዛ
መጀመሪያ የሚቀረው የዓርቡ ነው። አሁንም ካልተቻለ የረቡዑ በመጠባበቂያ ይተካል። የቅዳሜው አይነካም፤ እንጀራው እሱ ነው።

በመጠባበቂያ ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ፎቶው ተነስቶ ያለቀ ፖስት፦

"ቦርሳችሁን ዝናብ መታው? በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ውስጡን በነጭ ወረቀት ሙሉት፤ የጋዜጣ ቀለም ይለቃል። ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ሲደርቅ በስሱ የቆዳ ቅባት ቀቡት።"