የእሁዱ የሰፈር ስብሰባ ጥሪ፤ በሞንታርቦ የሚነበብ

(ለአንባቢው፦ መኪናው በየመታጠፊያው ቆሞ ይነበብ። እየተሄደ ሲነበብ ግማሹ አይሰማም። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ላይ ሲደረስ ቀስ ይባል።)

ጤና ይስጥልን! ጤና ይስጥልን! የሽሮ ሜዳ የላይኛው ሰፈር ነዋሪዎች! እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ እባካችሁ አንዴ አዳምጡን።

የፊታችን እሁድ፣ ግንቦት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት በ3 ሰዓት ተኩል፣ በእድራችን አዳራሽ የሰፈር ስብሰባ አለን። እሁድ! 3 ሰዓት ተኩል! እድር አዳራሽ! ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር ነው።

የምንነጋገረው ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ነው። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ሰኔ ደርሷል። እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድብን ሁላችንም እናውቃለን። አምና ሐምሌ ላይ ከድልድዩ በታች ያሉ ጎረቤቶቻችን ቤት ገብቶ፣ ሌሊቱን በባልዲ ሲቀዱ ነው ያደሩት። ፍራሹም፣ የልጆቹ ደብተርም፣ ዱቄቱም ውሃ በላው። ቦዩ ጠቦ አይደለም። በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ነው። ይሄን ደግሞ እኛው ራሳችን ልናስተካክለው እንችላለን።

እሁድ ሦስት ነገር እንወስናለን። ቦዩን መቼ እንጥረግ? የትኛው መንደር የቱን ክፍል ይያዝ? የሚወጣውን ደለል የሚጭነው መኪና ኪራይስ ከየት ይከፈል? ውሳኔው እዚያው ያልቃል፤ ለሌላ ቀን አናሳድረውም።

ከየቤቱ አንድ አዋቂ ሰው ይምጣ። ተከራዮችም ኑ፤ ጎርፉ አከራይና ተከራይ አይለይም። የእድሩ አባል ያልሆናችሁም እንደዚሁ። መምጣት የማትችሉ አቅመ ደካሞች፣ ለጥሩምባ ነፊያችን ንገሩት፤ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሐሳባችሁን ይቀበላል። ሰዓቱን 3 ተኩል ያደረግነው ከቅዳሴ የምትመለሱም እንድትደርሱ ብለን ነው። በሰዓቱ እንጀምራለን፤ ከ5 ሰዓት ተኩል አናልፍም።

አሁን አንድ ማሳሰቢያ፦ ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ አሸዋና ጠጠር ቦዩ ዳር የቆለላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ከእሁድ በፊት አንሱት። ክረምቱ ገና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ የግንቦት ዝናብ ድንገት ነው የሚመጣው። አንድ ዶፍ ከጣለ አሸዋው ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ከታች ያለው ጎረቤታችሁ ቤት ይገባል። ግቢ የጠበባችሁ ካላችሁ የእድሩ ግቢ ክፍት ነው። አምጥታችሁ አስቀምጡ፤ የሰፈሩ ወጣቶች በጋሪ ያግዟችኋል።

እሁድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ እድር አዳራሽ። እንዳትቀሩ! ያልሰማ ጎረቤት ካለ ንገሩልን። እናመሰግናለን።