በዚህ ከተማ ጨው ስንት ነው?

ሐሙስ ማታ ነበር። ጅማ፣ እኔ ክፍል ውስጥ፣ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ የጨዋታው መሪ ነኝ። ዓለሙን የምፈጥረው፣ ጀብደኞቹ የሚገቡበትን መንደር የምተርከው እኔ ነኝ። አራቱ ጓደኞቼ ጀብደኞቹን ይጫወታሉ። የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። "ዘንዶ ከተማውን አስጨንቋል፤ የገደለው ሺህ ወርቅ ያገኛል" አልኳቸው። እናቷ ሂርማታ ገበያ እህል የምትሸጥ ጓደኛችን ዳይሷን አስቀመጠችና "በዚህ ከተማ ጨው ስንት ነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። "ታዲያ ሺህ ወርቅ ብዙ ይሁን ትንሽ በምን ልወቅ?" አለች። ልክ ነበረች። ዘንዶው ለምን ያን ከተማ እንደመረጠም አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ምን በልተው እንደሚያድሩም ጭምር።

ያን ሳምንት ዓለሜን አፍርሼ ከጨው ጀመርኩ። ለምን ጨው? ምክንያቱም እዚሁ የደረሰ ነገር ነው። አሞሌ የሚቆረጠው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከአፋር ዝቅታ ነበር። በትግራይ ወጥቶ፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነው ወደ ግቤ አገር የሚደርሰው። ከዚህ ደግሞ ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አሞሌው ምግብም ገንዘብም ነው። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር አንድ ጠገራ ብር የሚገዛው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ጅሬን ላይ ቆሜ ከተማውን ወደ ታች ሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ዋጋ ማለት የተራመዱት መንገድ ነው።

እና ሦስት ቦታ ሠራሁ። ቆላው ላይ አሳራ የሚባል የጨው ሜዳ አለ። ደጋው ላይ ዋንዛ ምድር አለ፤ ከብትና ጫካ የሞላበት፣ ጨው ግን የሌለው። መሃል ላይ ጥቁሬ የሚባል ወንዝ ይፈሳል፤ በላዩ የሐረግ ድልድይ ተዘርግቷል። ዋንዛ ምድር በበኩሉ ሌት ሲነድ አውሬ የሚያርቅ ሙጫ አለው። ቆላው ያለ እሱ አያድርም። ይህን ሙጫ የጨመርኩት በቅሎዋ ባዶዋን እንዳትመለስ ነው። የመልስ ጭነት የሌለው መንገድ ላይ ሲራራ ነጋዴ አይዘልቅም።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ሁሉም ነገር የተወለደው ከዚህ ነውና። አንዲት በቅሎ ከአሳራ 60 አሞሌ ጭና ትነሳለች። ለመኖና ለጠባቂ በቀን 1 አሞሌ ይወጣል። መንገዱ 20 ቀን ነው፤ 40 ቀረ። ሁለት ኬላ አለ፤ እያንዳንዱ ከአሥር አንድ ይወስዳል። 40ው 36 ይሆናል፤ 36ቱ ወደ 32 ይወርዳል። ጨው መንገድ ላይ ራሱን እየበላ ነው የሚጓዘው። አሳራ ላይ በአንድ ብር የሚገዛ አሞሌ፣ ነጋዴው ሳያተርፍ እንኳ ዋንዛ ምድር ላይ ሁለት ብር ሊሆን ምንም አልቀረው።

አሁን ድልድዩን ልስበረው። ዙሪያ መንገዱ 15 ቀን ይጨምራል። 60ው ወደ 25 ይወርዳል፤ ኬላዎቹ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ዋንዛ ምድር የሚደርሰው 20 ብቻ ነው። ዋጋው ሦስት ብር ገባ። ይህ ገና ፍርሃት ሳይጨመርበት፣ መጋዘን ያለው ሰው በሩን ሳይዘጋ ነው።

ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ስጨርስ ዘንዶው በራሱ ጊዜ መጣ። አሞሌ የተወደደበት ከብት አርቢ ምን ያደርጋል? አባቶቻችን እንዳደረጉት ከብቱን ጨዋማ ውኃ ወዳለበት ሆራ ይነዳል። ዋንዛ ምድር ያለው ሆራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማንም የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ዘንዶው እዚያ የሚኖረው ከድሮ ጀምሮ ነው። ማንንም ነክቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሦስት መቶ ከብት ደጁ ድረስ መጣለት። ከተማው የሚያየው ዘንዶውን ነው፤ ድልድዩን ማንም አላነሳም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስንቀመጥ "ተልዕኮው ይህ ነው" አላልኳቸውም። ገበያ አስገባኋቸው። አንዲት ሴት አሞሌዋን በቢላ እየፋቀች ዱቄቱን በሻይ ማንኪያ ትሸጣለች። አጠገቧ አንድ ልጅ የወደቀውን እየለቀመ ይልሳል። ዋጋውን ነገርኳቸው፤ አምና ስንት እንደነበረም። ያቺው ጓደኛችን ወዲያው "መንገዱ ምን ሆነ?" አለች። በቃ፣ ሌላ መግፋት አላስፈለገኝም።

ተከራከሩ። አንዱ ዘንዶውን እንግደል አለ። ሌላው ድልድዩን እንጠግን አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለት መቶ አሞሌ የቆለፈውን ነጋዴ መጋዘን እንስበር አለ። የትኛውም ምርጫ የሚጎዳው ሰው አለ። ድልድዩ ቢጠገን ዙሪያ መንገዱ ላይ ጀልባ የገዛው ሰው ይከስራል። ዘንዶው ቢሞት አርቢው ይተነፍሳል፤ አሞሌው ግን ያው ሦስት ብር ነው። ነጋዴው ቢዘረፍ ከተማው አንድ ወር ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ጨው የሚጭን አይገኝም። ጥሩ ተልዕኮ እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። ክፉ ሰው መፍጠር አላስፈለገኝም። ነጋዴው እንኳ የቆለፈው ከክረምቱ በኋላ የነጋዴ ቅፍለት መምጣቱን ስላላመነ ነው።

አንድ ነገር ግን መቀየር ነበረብኝ። መጀመሪያ ጀብደኞቹ በከረጢት የማያልቅ ወርቅ ይዘው ነበር፤ ችግሩን ሁሉ ገዝተው ይዘጉታል። ወርቁን አስቀረሁና ደመወዛቸውን በአሞሌ አደረግኩት። አሞሌ ይከብዳል። ይሰበራል፤ የተሰበረው ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ጥቁሬን በዋና ሲሻገሩ ዳይስ አስጣልኳቸው። 30 አሞሌ ይዘው ገብተው በ21 ወጡ። አንዱ ጓደኛችን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "ጨዋችን!" ብሎ ጮኸ። በዘንዶ አንድም ቀን እንዲህ ጮሆ አያውቅም።

የወቅት ነገርም አለ። በዓለሜ ከሰኔ እስከ መስከረም ቅፍለት አይንቀሳቀስም። ጅማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የክረምት ጭቃና የሞላ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ግንቦት ላይ ይሯሯጣል። ጠባቂ ይወደዳል፤ በቅሎ ይጠፋል። ሽፍታም ይህን ያውቃል። ግንቦትን ብቻ ይዤ አራት ሳምንት አጫውቻለሁ።

በመጨረሻ ድልድዩን ጠገኑት። ሐረጉን ከጫካ ቆርጠው፣ ከሁለት ባላባቶች ጋር ተደራድረው፣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። የመጀመሪያዎቹ 40 በቅሎዎች ተሻገሩ፤ ጨው ወደ ሁለት ብር ተመለሰ። ሴትየዋ አሞሌ መፋቋን ትታ ሙሉውን መሸጥ ጀመረች። እኔ ደብተሬን ከፍቼ የባለ መጋዘኑን ስም ፈለግኩ። ሁለት መቶ አሞሌውን የገዛው እያንዳንዱን በሦስት ብር ነበር፤ ግማሹንም በብድር። አበዳሪው ማን እንደሆነ ጽፌያለሁ። ጓደኞቼ እስካሁን አልጠየቁኝም፤ ሐሙስ ማታ ግን ሰውየው ራሱ በራቸውን ያንኳኳል።