ፓይተንን በምሽት መማር፦ በሳምንት አምስት ሰዓት

የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ነው። ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ቤቴ አያት ስለሆነ፣ ከቀኑ 11፡30 ወጥቼ የታክሲ ሰልፉንና መንገዱን አልፌ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዬን ለመማር ስወስን በየምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት 14 ሰዓት መደብኩ፤ የቆየሁበትም ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር። በአሥረኛው ቀን የጎረቤት ለቅሶ ነበር፣ በማግስቱ መብራት ጠፋ፣ ከዚያም የወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ደረሰ። ዕቅዱን ያወጣሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠጥቼ ተዝናንቼ ነበር፤ የሚፈጽመው ግን ሐሙስ ማታ ደክሞት ከታክሲ የሚወርደው ሰው መሆኑን አላሰብኩም።

አሁን የምከተለው መርሐ ግብር የወጣው ለዚያ ለደከመው ሰው ነው። ሰኞ በቢሮ ሥራ የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ምንም አልማርም። ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡30፣ ራት ተበልቶ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ አንድ አዲስ ነገር ብቻ እማራለሁ፤ ረቡዕ ለግማሽ ሰዓት ያንኑ ኮድ ሳላይ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ሐሙስ ለአንድ ሰዓት መልመጃ እሠራለሁ። ዓርብ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው፤ ከሦስቱ ምሽቶች አንዱ በለቅሶ ወይም በመብራት መጥፋት ቢያመልጥ ወደዚያ ይዛወራል፤ ሁለት ካመለጡ ግን ሁለተኛውን እተወዋለሁ እንጂ ወደሚቀጥለው ሳምንት አላሸጋግረውም፤ ውዝፍ ትምህርት እንደ ውዝፍ ዕዳ ሰውን ያሸሻልና። ቅዳሜ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት የራሴን ትንሽ ፕሮግራም የምሠራበት ጊዜ ነው፤ እሑድ ማታ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ወስጄ ሳምንቱን በደብተር አሰፍራለሁ። ድምሩ አምስት ሰዓት ነው። ወሩ በሚዘጋበት ሳምንት አዲስ ትምህርት የለም፤ የቅዳሜዋ ሁለት ሰዓት ብቻ ትቀራለች።

ቋንቋው ፓይተን ነው። በ1991 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ፣ አጻጻፉም ለጀማሪ የማያስቸግር ነው። ለእኔ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ አብሮት በሚመጣው `IDLE` በተባለ የኮድ መጻፊያ ላይ ያለ ኢንተርኔት መሥራት መቻሉ ነው። ለተለዋዋጮች በአማርኛ ስም መስጠትም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በኮዱ ውስጥ የሚገባውን ሁለት ነጥብ በአማርኛ የፊደል ገበታ ከጻፍኩት ስሕተት ነው ብሎ ይመልስልኛል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ረቡዕ ባክኖብኛል።

መልመጃዎቼን የምወስደው ከማውቀው ሥራ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ስለሚያዋጡ፣ በአንድ ሐሙስ የሠራተኛውን መዋጮ ለማስላት እንዲህ ጻፍኩ፦

```python
ደመወዝ = input("ደመወዝ: ")
print(ደመወዝ * 0.07)
```

12000 ባስገባ ጊዜ የወጣው መልስ `TypeError: can't multiply sequence by non-int of type 'float'` የሚል ነበር። `input` የሚመልሰው ምንጊዜም ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አለመሆኑን በትምህርቱ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ማታ ነው። መጀመሪያውን መስመር ወደ `float(input("ደመወዝ: "))` ስቀይረው ሠራ፤ ያመጣው ውጤት ግን 840 ሳይሆን `840.0000000000001` ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አይተኛም። ሰዓቱ ስላለቀ ግን ጥያቄውን በደብተሬ ጽፌ ዘጋሁት፤ ይህም የመርሐ ግብሩ ከባዱ ክፍል ነው፤ 3፡30 ሲሆን ችግሩ ባይፈታም ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ አለዚያ የዓርቡ የቢሮ ሥራ ይበላሻል። ቅዳሜ ምክንያቱን አገኘሁት፦ ኮምፒውተሩ ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ 0.07ን በትክክል መያዝ አይችልም፤ በጣም የሚቀርበውን ቁጥር ይይዛል፤ የተረፈችው ጥቂት ልዩነት በ12000 ስትባዛ ብቅ አለች። ለገንዘብ የሚሆነው `Decimal` የተባለው የቁጥር ዓይነት ነው፤ ቁጥሩም እንደ ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መሰጠት አለበት፦

```python
from decimal import Decimal
print(Decimal("12000") * Decimal("0.07"))
```

ይህኛው `840.00` አወጣ። አሁን አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የማደርገው የአምስት ሠራተኞችን የሙከራ ደመወዝ ከፋይል አንብቦ የሁለቱንም መዋጮ ማስላት ነው፤ ውጤቱንም በእጅ ከሠራሁት ጋር አስተያየዋለሁ።